እልኸኛዋ መርማሪ፦ ጉድለቷ መዝገቡ ውስጥ ሲገባ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የወንጀል ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኢንስፔክተር ሐመልማል ትባላለች። ጻድቅም ክፉም እንዳትሆን ብዬ ጠጪ አደረግኳት፤ ትዳሯም ፈርሷል። ረቂቁን ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ግን ‹ጉድለቷ ለጌጥ ነው፤ ገዳዩን እንደሆነ ያለ ምንም ችግር ትይዘዋለች› አሉኝ። ጉድለቷ ራሱን ምርመራውን እንዲያበላሸው ምን ላድርግ? እንዲህ ሳደርግስ አንባቢ አይጠላትም?»

ምላሽ፦

ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ረቂቁን ወደ ጎን አድርጊና ሐመልማል በመጨረሻ ለዐቃቤ ሕግ የምትልከውን የምርመራ መዝገብ በአንድ ገጽ ጻፊው። ማን መቼ ተያዘ፣ ማን ምን ቃል ሰጠ፣ ምን ኤግዚቢት ተገኘ፣ ምን ሳይሠራ ቀረ። ከዚያ መጠጡን ከሕይወቷ አውጪና ያንኑ ገጽ እንደገና ጻፊ። ሁለቱ ገጾች አንድ ከሆኑ ጉድለቷ እቤቷ ነው የሚኖረው፤ ቢሮ አብሯት አይገባም። እኔ ልብ ወለድ ማረም ከመጀመሬ በፊት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ፤ ከማነባቸው መዝገቦች መርማሪው ጠጪ ይሁን አይሁን፣ ከሚስቱ ይስማማ አይስማማ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ችኩል መሆኑን ወይም አንድ ሰው ላይ ሙጭጭ ማለቱን ግን ከምስክሮቹ ቃል አጻጻፍ ብቻ እለየው ነበር።

መርማሪ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ነገር ሲቆጠር ጥቂት ነው። ማንን ቀድሞ እንደሚያናግር ይመርጣል፣ ይጠይቃል፣ የሰማውን ይጽፋል፣ የትኛውን ፍንጭ ዛሬ የትኛውን ነገ እንደሚከተል ይወስናል። የሐመልማል ጉድለት ከእነዚህ በአንዱ ላይ ማረፍ አለበት። መጠጥ በቀጥታ አያርፍም፤ ቢበዛ አርፍዳ እንድትገባ ያደርጋታል፣ ያንን ደግሞ ረዳቷ ሳጅን ይሸፍንላታል።

እኔ ብሆን እልህ እሰጣታለሁ። ሐመልማል የናቃትን ሰው አትለቅም። ይህን የመረጥኩት እስከ ዛሬ ያስመሰገናትም እሱ ስለሆነ ነው፤ ሌሎች ዘግተው የረሱትን መዝገብ እሷ ዓመት ተከታትላ ለውጤት ያበቃችው «አንቺ አትችይውም» ስለተባለች ነው። አለቆቿ ያደንቁላታል፣ እሷም እንደ ችሎታ ነው የምትቆጥረው። ስለዚህ የሚጎዳት ነገር ሲጀምር ምንም ዓይነት የማስጠንቀቂያ ደወል አይሰማትም። እልህ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሚያስነሳው ነገር የታወቀ ነው። በሰው ፊት ተናቀች ወይስ አልተናቀችም? ይህን አንቺ ስለምትቆጣጠሪው ጉድለቱ መቼ እንደሚነሳ በምዕራፍ መወሰን ትችያለሽ።

አሁን አንድ ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሥራ። መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘናቸው ውስጥ በሚዛን ብረት ተመትተው ሞተው ተገኙ። የወንድማቸው ልጅ ብሩክ አብሯቸው ይሠራል። ሐመልማል ልታነጋግረው ስትመጣ ከላይ እስከ ታች አይቷት፣ በሁለት ፖሊሶች ፊት «አለቃሽ የለም? ከሱ ጋር ልነጋገር» ይላል። ማታውን የት እንዳመሸ ስትጠይቀው ቤቴ ተኝቼ ነበር ይላታል። ውሸት ነው፤ ጎረቤት ከእኩለ ሌሊት በፊት እንዳልገባ ይናገራል። ብሩክ የዋሸው ቁማር ቤት አምሽቶ ስለነበረና ዕዳውን ቤተሰቡ እንዳይሰማበት ስለፈራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀሽ ያዢ፤ የመጀመሪያው ጥርጣሬዋ ትክክለኛ መሆን አለበት። ሟቹ አጠገብ የነበረ፣ ውርስ ሊደርሰው የሚችል፣ የት እንደነበረ የዋሸ ሰው ማንም መርማሪ ይጠረጥረዋል። አንባቢሽም ይጠረጥረው። ጥፋቱ የሚጀምረው ሌላ ፍንጭ ሲመጣ እሷ ሳትዞር ስትቀር ነው። ገና ከጅምሩ በረባ ባልረባው ከተሳሳተች አንባቢ ሞኝ ናት ይላል፤ አንባቢ ደግሞ ክፉ መርማሪን ይታገሣል እንጂ ሞኝን አይታገሥም። አይጠላትም ወይ ላልሽው የመልሱ ግማሽ ይኸው ነው።

ሌላው ፍንጭ የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው፤ ሽማግሌ። ያን ማታ አንድ ሰው ሲወጣ አይተዋል። ንግግሩ እንዲህ ቢሄድስ፦

«አባባ፣ የወጣውን ሰው አዩት?»

«ጀርባውን ነው ያየሁት፣ አለቃ። ጋቢ ተከናንቧል። አጠር ያለ መሰለኝ።»

«ጋቢ ተከናንቦ ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ አጠር ይላል።»

«እሱስ ይላል።»

«ብሩክን ያውቁታል አይደል?»

«እንዴት አላውቀውም! በየቀኑ የማየው ልጅ።»

«አካሄዱ የሱ አይመስልም ነበር?»

«እንዲያ ሲሉኝ... ሊሆን ይችላል። ይመስላል።»

ሐመልማል ቢሮ ገብታ ቃላቸውን ስትጽፈው ደግሞ «ከመጋዘኑ የወጣውን ሰው በአካሄዱ ብሩክ መሆኑን ለይቼዋለሁ» የሚል ይሆናል። ዘበኛው ማንበብ ስለማይችሉ ተነቦላቸው በጣት አሻራ ይፈርማሉ። ሲነበብላቸውም አይቃወሙም፤ መንግሥት ጽፎት ያነበበውን ቃል አይደለም ብለው ሊመልሱ? ማንም አልተደበደበም፣ ማንም አልተገዛም። እሷን ብትጠይቂያት ሽማግሌው ሲንተባተቡ ቃላቸውን አስተካከለችላቸው እንጂ ሐሰት አልጻፈችም። አየሽ፣ «ጻድቅም ክፉም እንዳትሆን» ያልሽው እዚህ ነው ያለው። በነገራችን ላይ ሰው እንድትደበድብ አታድርጊያት፤ ያን ጊዜ አንባቢ ፍርዱን ሰጥቶ ይጨርሳል፣ የሚያመነታበት ነገር አይቀርም።

ከዚህ ንግግር ሁለት ነገር ጠፍቷል። «አጠር ያለ» የሚለው ቃል መዝገቡ ውስጥ የለም፤ ብሩክ ደግሞ ረጅም ነው። የባሰው የሽማግሌው ትዝታ መለወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። ለአንዳንዶቹ መኪኖቹ «ሲጋጩ» በሚል ዓይነት ቃል፣ ለሌሎቹ «ሲደቃቀቁ» በሚል ዓይነት ቃል ነበር የተጠየቀው። ኃይለኛውን ቃል የሰሙት የበለጠ ፍጥነት ገመቱ፤ ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁም ፊልሙ ላይ ያልነበረ የመስታወት ስብርባሪ አይተናል ያሉት ከእነሱ ወገን በዙ። ዘበኛውም እንደዚያ ናቸው። ከወር በኋላ ሐመልማል ተጸጽታ ብትመለስና «እውነቱን ይንገሩኝ» ብትላቸው በሙሉ ልባቸው «ብሩክ ነው» ይሏታል። አይዋሹም፤ አሁን የሚያዩት እሱን ነው። አንዴ የተበላሸ ምስክር አይመለስም፤ ለልብ ወለድ ደግሞ የሚጠቅምሽ እንዲህ የማይመለስ ጉዳት ነው።

ሁለተኛው የማይመለስ ነገር ጊዜ ነው፤ የእኛ ሕግ እዚህ ላይ ለደራሲ ቸር ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው የጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ታሪክሽ በሚካሄድበት ዓመት የሚሠራበትን ሕግ አጣሪ እንጂ ሐሳቡ ይኸው ነው። ሐመልማል በየቀጠሮው ዳኛ ፊት ቆማ «በተሰጠሽ ጊዜ ምን ሠራሽ?» ትባላለች። እሷም ሁላችንም የምናውቀውን ትደረድራለች፦ ቀሪ ምስክሮች አሉኝ፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት ከሆስፒታል አልመጣልኝም፣ ግብረ አበሮች አልተያዙም። ይህን ዝርዝር አትናቂው። አንባቢ ካለፈው ምዕራፍ ምን ስትሠራ እንደከረመች ያውቃል፤ ዳኛው ግን አያውቁም።

ምን ስትሠራ ከረመች? ብሩክን ስታነጋግር። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ካሜራ አለው፤ ሳጅኑ በመጀመሪያው ቀን ነግሯታል። እንዲህ ያለ የሱቅ ካሜራ ዲስኩ ሲሞላ አዲሱን ምስል በአሮጌው ላይ እየጻፈ ነው የሚሄድ፤ ስንት ቀን እንደሚይዝ እንደ ዲስኩ መጠን ይለያያል። በታሪክሽ 10 ቀን ይያዝ እንበል። ሐመልማል ካሜራውን አልረሳችም፤ «ነገ» አለች። ነገ ያለችው ዛሬ ብሩክ ጠበቃ ይዞ መጥቶ ፈገግ ስላለባት ነው። በማግስቱም እንደዚሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እሷ የዋጠችው ቀኖቹን ነው። በ11ኛው ቀን ሳጅኑ ፍላሽ ይዞ ሱቁ ሲደርስ ያ ማታ የለም።

እዚህ ላይ አንባቢ ከሷ አንድ እርምጃ እንዲቀድም አድርጊ። ባለሱቁ ለደንበኛው «ይሄ ነገር ሳምንት ከምናምን ነው የሚይዘው» ሲል አንባቢ በአራተኛው ቀን ይስማ። ከዚያ በኋላ ብሩክን ባነጋገረች ቁጥር፣ ንግግሩ የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ አንባቢ የሚያስበው ስለዚያ ዲስክ ይሆናል። ጉዳቱን ከደረሰ በኋላ ብትገልጪው ግን ድንገተኛ ዜና ብቻ ነው የሚሆነው።

ከብሩክ ጋር የምታደርገውም ንግግር ራሱ ይጎዳል። ሟቹ በምን እንደተመቱ ለሕዝብ አልተነገረም፤ መርማሪዎቹና ገዳዩ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። በስድስተኛው ቀን ንዴት ይዟት ጠረጴዛውን መታ አድርጋ «በሚዛን ብረት ስትመታው ምን አለህ?» ትለዋለች። በቃ፣ ምስጢሩ ወጣ። ብሩክ በ12ኛው ቀን ደክሞት፣ እናቱ ታማለች ተብሎ ተነግሮት፣ «እሺ፣ በሚዛን ብረት መታሁት» ሲል ቃሉ ከአስከሬን ምርመራው ጋር ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። አለቃዋም ዐቃቤ ሕጉም «ይህን ገዳዩ ካልሆነ ማን ያውቃል?» ይላሉ። ሐመልማልም ትላለች፤ መናገሯን አታስታውስም። በዓለም ላይ ንጹሐን በተፈረደባቸው ብዙ መዝገቦች ውስጥ የሐሰት የእምነት ቃሉን እውነት ያስመሰለው ይኸው ነው፤ መርማሪው ሳያውቀው ያቀበለውን ተጠርጣሪው መልሶ ይሰጠዋል። ስታነጋግረው ያለውን ትዕይንት ስትጽፊ ይቺን ዓረፍተ ነገር በሌላ ወሬ መሐል ቅበሪያት፤ አንባቢም እንደሷ ያልፋት።

አጋነንክ እንዳትይኝ፣ የእንግሊዙን የዮርክሽር ጉዳይ አንብቢ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የጀመረ ተከታታይ የሴቶች ግድያ ነበር፤ ምርመራውን የሚመራው ጆርጅ ኦልድፊልድ የሚባል ከፍተኛ መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ገዳዩ እኔ ነኝ የሚል ሰው ድምፁን በካሴት ቀርጾ ላከለት። ካሴቱ በስሙ እየጠራ ያላግጥበታል። ኦልድፊልድ ጉዳዩን በግሉ ያዘው፤ ካሴቱ እውነተኛ ነው ብሎ ደመደመና ምርመራው የዚያን ድምፅ ባለቤት ወደ መፈለግ ዞረ። የተናጋሪው ዘዬ የሰንደርላንድ አካባቢ ስለነበር እንደዚያ የማይናገሩ ተጠርጣሪዎች ይታለፉ ጀመር። እውነተኛው ገዳይ ፒተር ሰትክሊፍ ግን የዮርክሽር ሰው ነው፤ በምርመራው ዘመን ፖሊስ ዘጠኝ ጊዜ አነጋግሮት ለቆታል። ካሴቱ ከመጣ በኋላ ሦስት ሴቶች ገደለ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1981 የተያዘውም በሌላ ምክንያት ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞት ነው። ካሴቱን የላከው ጆን ሀምብል የሚባል ቀልደኛ ነኝ ባይ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈርዶበታል። ኦልድፊልድ ሰነፍ አልነበረም፤ ጤናው እስኪጎዳ የሠራ ሰው ነው። ከሱ ታሪክ ለሐመልማል የምትወስጂው ይህን ነው፦ ትጋቷ ከእልኋ ጋር ሲደመር ጉዳቱን ያፈጥነዋል። ሰነፍ ብትሆን ዘበኛውን ጨርሶ ባላናገረቻቸውና ቃላቸው ባልተበላሸ ነበር።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ። በሦስተኛው ሳምንት ሐመልማል የገቢና ወጪ መዝገቡን ስታገላብጥ፣ ያውም የብሩክን ስርቆት ፍለጋ፣ ጆንያዎቹ የጎደሉት በሒሳብ ሠራተኛው ፊርማ መሆኑን ታያለች። ሠራተኛው አጭር ሰው ነው። ገባት። ይህን በራሷ ችሎታ ታግኘው እንጂ ማንም አይንገራት፤ ጥሩ መርማሪ መሆኗን አንባቢ በዓይኑ ማየት ያለበት እዚህ ነው፣ ልጅነቷ ላይ በደረሰ በደል ልታሳዝኚኝ ብትሞክሪ ግን አልቀበልሽም።

ገዳዩን አወቀች፤ በእጇ ያለው ምንድን ነው? ካሜራው የለም። ዓይን ምስክሩ ብሩክን ለይተው ፈርመዋል። ብሩክ አምኗል። የሒሳብ ጉድለቱ ስርቆትን እንጂ ግድያን አያስረዳም። ሠራተኛው ቢከሰስ ጠበቃው የሐመልማልን መዝገብ ራሱን ይዞ ነው የሚቀርበው፤ «ፖሊስ ሌላ ሰው ይዞ ነበር፣ ምስክሩም እሱን ለይተዋል» ሲል ሌላ መከላከያ አያስፈልገውም። ለገዳዩ ምሽጉን የሠራችለት እሷ ናት።

የመጽሐፍሽ ትልቁ ትዕይንት እዚህ ነው፤ ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄዳ የዘበኛውን ቃል እንዴት እንደጻፈችው መናገር ነው። ብሩክ ይፈታል፤ ገዳዩም በማስረጃ እጦት ይቀራል፤ እስከ ዛሬ ያስፈረደችባቸው ሰዎች ጠበቆችም ያን ቀን ስልካቸውን ያነሳሉ። ሁለተኛው ወደ ሽማግሌው ተመልሳ «አባባ፣ አጠር ያለ ነበር ብለውኝ አልነበር?» ማለት ነው። መጀመሪያ የሰጡት እውነተኛ ቃል ነው፤ ግን የምታወጣው በዚያው በመጀመሪያው ዘዴ፣ በአፋቸው እያስገባች ነው። ያንኑ ጥፋት ለእውነት ስትል ትደግመዋለች። እኔ ሁለተኛውን እንድትመርጥ አደርጋት ነበር። አንባቢ ገዳዩ እንዲያዝ ይፈልጋል፣ ዘዴውን ደግሞ አንዴ አይቶ ተጸይፎታል፤ አሁን ደጋፊዋ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። አይጠላትም ወይ ላልሽው ሌላው ግማሽ መልስ ይህ ነው።

ረቂቆች በአብዛኛው የሚወድቁት ከዚህ በኋላ ነው። ደራሲው ይራራና ሳጅኑ ካሜራውን አስቀድሞ በድብቅ ገልብጦት ይገኛል፤ ወይም ሠራተኛው በድንገት ይናዘዛል፤ ወይም ብሩክ ከእስር ሲወጣ «ሥራሽን ነው የሠራሽው» ብሎ ይቅር ይላታል። ሦስቱም ጉዳቱን መልሰው ይሰርዙታል፤ የመዝገቡን ገጽ እንደገና ብትጽፊው ጉድለቱ የለም። ብሩክ አይጨብጣት። ሠፈሩ ወር ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ሲለው ሰንብቷል፣ ቁማሩም ታውቆበታል። ስድብ አፍ ያለው፣ የማይወደድ ልጅ ሆኖ ይቆይ፤ ደግ ካደረግሽው ፍርዱ ቀላል ይሆናል። እሷም ከዚህ ትምህርት ወስዳ አትታረም፤ በሚቀጥለው መዝገብ ሌላ ሰው ሲንቃት ምን እንደምታደርግ አንባቢ ባያውቅ ይሻላል።

ሴት መሆኗን በተመለከተ፣ ንቀቱ በየቀኑ የሚደርስባት እውነት ነው፣ አሳዪው። ግን የሚንቋት ሁሉ ጥፋተኛ፣ የሚያከብሯት ሁሉ ንጹሕ እንዳይሆኑ። የሒሳብ ሠራተኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብድግ ብሎ ወንበር የሚስብላት፣ «እርስዎ» የሚላት፣ ቡና የሚያስመጣላት ሰው ይሁን። እሱን ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ያነጋገረችው።

መጠጡን አውጪው፤ ምንም አይሠራልሽም። ፍቺውን አቆዪው፣ ግን ከአምስት ገጽ ወደ አንድ ትዕይንት አሳንሺው። ባሏ ለእርቅ ሽማግሌ ልኮ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በአፍ ወለምታ የሚያስቀይም ቃል ተናግሮ፣ እሷ ለመታረቅ የተዘጋጀችውን ሁሉ ትታ ተነስታ ወጥታ ይሁን። ይህን ከዘበኛው ንግግር በፊት ባለው ምዕራፍ አድርጊው፣ ስለ እልኋም አንድም ቃል አትጻፊ።